ነሐሴ 16 ያልተከፈለው 618,000 ብር

መርካቶ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ እናስብ። ሐዋሳ ሱቅ ያለው ደንበኛው በዱቤ የወሰደው ቆርቆሮና ብረት 600,000 ብር ደርሷል። ዕዳው በሚያዝያ መጨረሻ መዘጋት ነበረበት፣ አልተዘጋም። ደንበኛው ገበያው ቀዝቅዞብኛል፣ ሦስት ወር ታገሡኝ ይላል። ጅምላ ሻጩ ሰውየውን ማጣት አይፈልግም፤ ዕዳው በደብተር ላይ ብቻ ተጽፎ እንዲቆይም አይፈልግም። ስለዚህ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ደንበኛው አዲስ አበባ መጥቶ 600,000 ብር በዘጠና ቀን ውስጥ እንደሚከፍል በተስፋ ሰነድ ላይ ፈረመ። ብዙ ሂሳብ ሠራተኞች በአፋቸው ፕሮሚሰሪ ኖት የሚሉት ይህንኑ ሰነድ ነው። በዚያው ቀን በተፈረመ ሌላ ውል ደግሞ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ሊከፍል ተስማማ።

ወረቀቱ ካዝና ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን አንስቶ ሂሳብ ሠራተኛዋ ይህን ወረቀት ቢያንስ ሦስት ጊዜ በመዝገብ ላይ ታገኘዋለች፤ የገባ ዕለት፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ የመክፈያው ቀን ሲደርስ። ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው። ገንዘቡ ከመጣ አጻጻፉ ቀላል ነው፤ ካልመጣ ግን ልምድ ያላቸው ሰዎችም ሲሳሳቱ ይታያል፤ ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ከዱቤ ደብተሩ ይልቅ ወረቀቱ ለምን ተመረጠ? በደብተር የተጻፈ ዱቤ ሻጩ ራሱ የጻፈው ነው፤ ደንበኛው «ይህን ዕቃ አልወሰድኩም»፣ «ጥራቱ ጎድሎ ነበር» ማለት ይችላል። የተስፋ ሰነድ ላይ ግን ተበዳሪው ራሱ ፈርሟል። ሕጉም ሰነዱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ የተስፋ ሰነድ የሚለው መጠሪያ በጽሑፉ ውስጥ መገኘት አለበት፣ የታወቀ ገንዘብ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ለመክፈል ቃል መገባት አለበት፣ የመክፈያው ጊዜና ቦታ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ሰው ስም፣ ሰነዱ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፣ በመጨረሻም የሰጪው ፊርማ። «ቤቱን ስሸጥ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት የተስፋ ሰነድ አይሆንም፤ ክፍያውን በሁኔታ ላይ አንጠልጥሎታልና። ይህ ደንብ የሚገኘው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣም ስለ እነዚህ ሰነዶች የሚናገረው የአሮጌው ሕግ ክፍል በሥራ ላይ ቀጥሏል። ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ በሰነድ የተመሠረተ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል፤ ተከሳሹ ለመከራከር አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን በእኛ አገር ብዙ ነጋዴ ከዚህ ሰነድ ይልቅ ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ መያዝ ይመርጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደረቅ ቼክ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል፤ የተስፋ ሰነድን በቀኑ አለመክፈል ግን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ብቻ ነው። ነጋዴው የፖሊስን ስም እንደ መያዣ ይጠቀምበታል። እኔ ይህን ልማድ አልወደውም፤ ቼክ ባንክ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል መሣሪያ እንጂ የሦስት ወር ብድር ማስረጃ እንዲሆን የተፈጠረ አይደለም። ሂሳብ ሠራተኛም ቀኑ ያልደረሰን ቼክ ጥሬ ገንዘብ አድርጋ መመዝገብ አትችልም። ወደ ዋናው ነገር እንመለስ።

ወለዱ በሌላ ውል ላይ መጻፉ በአጋጣሚ አይደለም። የሂሳብ መማሪያ መጻሕፍት አብዛኞቹ ምሳሌዎቻቸውን የሚወስዱት ከአሜሪካ ነው፤ እዚያ ወለዱ በሰነዱ ላይ ይጻፋል፣ ያስኬዳልም። የእኛ የንግድ ሕግ ግን የተቀዳው ከ1930ው የጄኔቫ ስምምነት ነው። በዚያ ሥርዓት መክፈያው ቀን ቁርጥ ሆኖ በተነገረ ሰነድ ላይ የሰፈረ የወለድ ቃል እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ወለድ በሰነዱ ላይ የሚፈቀደው ሰነዱ ሲታይ ወይም ከታየ በኋላ በተወሰነ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን ነው። የአመክንዮው መነሻ ቀላል ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ ከታወቀ ወለዱም አስቀድሞ ሊሰላና በዋናው ገንዘብ ላይ ተደምሮ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሻጭ ወይ ድምሩን በሰነዱ ላይ ያጽፋል፣ ወይ እንደ እኛ ጅምላ ሻጭ ወለዱን በተለየ ውል ያስፈርማል። የመጣኙም ነገር እንዲሁ መታሰብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ አይፈቅድም።

አሁን ወደ መዝገቡ። ግንቦት 16 ምን ተፈጠረ? ብዙ ሰው «600,000 ብር ገባ» ይላል። ምንም አልገባም። ሽያጩ የተመዘገበው ዕቃው ሲወጣ ነው፤ ገቢውም ያኔ ታውቋል። ዛሬ የተለወጠው የዕዳው መልክ ብቻ ነው። ተራ የዱቤ ተሰብሳቢ የነበረው የተፈረመ ሰነድ ያለው ተሰብሳቢ ሆነ። ስለዚህ አጻጻፉ ይህ ነው።

ግንቦት 16
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ የተስፋ ሰነድ 600,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ የሐዋሳው ደንበኛ 600,000

ወለዱ እዚህ አይጻፍም። ወለድ የጊዜ ዋጋ ነው፤ በግንቦት 16 ገና ምንም ቀን አላለፈም። አንዳንዱ ችኩል ሂሳብ ሠራተኛ 618,000 ብር ብሎ ይጀምራል፤ ያልኖረበትን ሦስት ወር ገቢ አድርጎ መውሰዱ ነው።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። 600,000 ብር በ12 በመቶ በዓመት 72,000 ብር ወለድ ያፈራል። ውሉ ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ስለወሰደ በቀን 200 ብር ይሆናል። ዘጠና ቀን ሲባዛ በ200 18,000 ብር ነው። በመክፈያው ቀን የሚጠበቀው አጠቃላይ ገንዘብ እንግዲህ 618,000 ብር ነው።

የመክፈያውን ቀን ማግኘት ግን ለብዙ ሰው ከስሌቱ ይከብዳል። ሰነዱ የተሰጠበት ቀን አይቆጠርም፤ የመክፈያው ቀን ይቆጠራል። ከግንቦት 16 በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ 14 ቀን አለ። ሰኔ 30 ቀን ሲጨመርበት 44፣ ሐምሌ ሲጨመር 74 ይሆናል። የቀረው 16 ስለሆነ ቀኑ ነሐሴ 16 ነው፤ ፍልሰታ የሚፈታበት ዕለት። ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ቆጠራው ከፈረንጆቹ ይቀላል፤ ዘጠና ቀንና ሦስት ወርም እዚህ ላይ አንድ ሆነዋል። ግን ጳጉሜን አትርሱ። ሰነዱ ሰኔ 16 ቀን 2017 ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ዘጠናው ቀን የሚያልቀው መስከረም 11 ነው፤ «በሦስት ወር» ቢባል ግን መስከረም 16። በመካከል ያሉት አምስቱ የጳጉሜን ቀናት በ200 ብር ሲሰሉ 1,000 ብር ናቸው። ገንዘቡ ትልቅ ባይሆንም «ቀኑ አልደረሰም»፣ «ደርሷል» የሚለውን ጭቅጭቅ ለመጀመር ይበቃል። ውሉ ላይ ቀኑ ራሱ ቢጻፍ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ሰኔ 30 ደረሰ። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሰነዱ ገና ካዝና ውስጥ ነው፤ ደንበኛው አንድም ሳንቲም አልከፈለም፣ እንዲከፍልም አልተጠበቀም። ታዲያ 44 ቀን አልፏል። በቀን 200 ብር ሲሰላ 8,800 ብር የወለድ ገቢ በ2017 በጀት ዓመት ውስጥ ተገኝቷል፤ ገንዘቡ እጅ ባይገባም። ያልተሰበሰበ ግን የተገኘ ወለድ የምንለው ይህን ነው።

ሰኔ 30
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ወለድ 8,800
ክሬዲት፦ የወለድ ገቢ 8,800

ባለሱቁ እዚህ ላይ ሲቆጣ ይታየኛል። «ያላየሁትን ገንዘብ ገቢ ብለሽ ግብር ልታስከፍዪኝ ነው?» ይላል። ሂሳብ ሠራተኛዋም «ጋሼ፣ ገንዘቡ ባይመጣም አርባ አራቱ ቀን ሄዷል፤ እነሱ የዘንድሮ ናቸው» ትላለች። መልሷ ትክክል ነው። ገቢውን ገንዘቡ በሚመጣበት ጊዜ ብቻ ብትጽፈው የ2018 ዓመት ያልሠራበትን የግንቦትና የሰኔ ወለድ ይወስዳል፤ 2017 ደግሞ የሠራውን ያጣል። ሁለቱም ዓመት ይዋሻል። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ሂሳባቸውን በዚህ መንገድ እንዲይዙ ይጠበቅባቸዋል፤ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ብቻ መመዝገብ አይበቃቸውም።

በነገራችን ላይ «ዓመቱ ሲዘጋ» ሲባል መቼ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሂሳባቸውን በፈረንጆች ጁን 30 የሚዘጉ ድርጅቶች አሉ፤ ያ ቀን ሰኔ 23 ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት ቢሆን የሚጻፈው የ37 ቀን ወለድ፣ 7,400 ብር ይሆናል። የሰባት ቀን ልዩነት 1,400 ብር ያስለውጣል።

ነሐሴ 16 ደንበኛው ቢከፍል ኖሮ ነገሩ ያምር ነበር። ባንክ 618,000 ብር ይገባል፤ ሰነዱ በ600,000፣ ተሰብሳቢ ወለዱ በ8,800 ይዘጋሉ፤ ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 16 ያሉት 46 ቀናት ወለድ፣ 9,200 ብር፣ የአዲሱ ዓመት ገቢ ይሆናል። ወረቀቱ ለደንበኛው ተመልሶ ጉዳዩ ያበቃል።

አልከፈለም። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም፤ ካነሳም «ሳምንት ስጠኝ» ነው። ሰነዱ በቀኑ ሳይከፈል ቀርቷል። አሁን ሂሳብ ሠራተኛዋ ምን ትጽፋለች?

ብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳባቸው «ምንም አይጻፍም፣ ገንዘብ አልመጣምና» የሚል ነው። ስህተት ነው። ወረቀቱ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከተሰብሳቢ ሰነዶች መዝገብ ውስጥ መቆየት የለበትም። ያ ሂሳብ የሚናገረው ቀናቸው ገና ስላልደረሱና በቀናቸው ይከፈላሉ ተብለው ስለሚጠበቁ ሰነዶች ነው። ያለፈበትን ከጤነኞቹ ጋር ማስቀመጥ ባለቤቱንም ባንኩንም ያሳስታል። በሌላ በኩል ዕዳው አልጠፋም። ሰውየው አሁንም ባለዕዳ ነው፤ የዘጠናውን ቀን ወለድም ጨምሮ። እንግዲህ ዕዳው ወደ መጣበት፣ ወደ ደንበኛው ስም ሂሳብ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን 600,000 ብር ሆኖ አይደለም።

ነሐሴ 16
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ የሐዋሳው ደንበኛ 618,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ የተስፋ ሰነድ 600,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ወለድ 8,800
ክሬዲት፦ የወለድ ገቢ 9,200

ይህን ቀስ ብለን እንየው፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ እዚህ ነው። ዴቢት የተደረገው ገንዘብ ደንበኛው ዛሬ መክፈል የነበረበት ሙሉ ዕዳ ነው። የመጀመሪያው ክሬዲት ሰነዱን ከመዝገብ ያወጣዋል። ሁለተኛው ሰኔ 30 የተጻፈውን ተሰብሳቢ ወለድ ይዘጋል፤ ያ ወለድ አሁን ራሱን ችሎ የሚቆም ሳይሆን የደንበኛው ጠቅላላ ዕዳ አካል ሆኗል። ሦስተኛው በአዲሱ ዓመት ያለፉትን 46 ቀናት ወለድ ገቢ ያደርጋል። ከተከፈለበት አጻጻፍ ጋር ብታነጻጽሩት የተለየው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ባንክ የሚለው ቦታ በደንበኛው ስም ተተክቷል። የወለዱ ክፍል በሁለቱም ያው ነው። ገንዘቡ መምጣቱ ወይም አለመምጣቱ ዘጠናውን ቀን አልለወጠውም።

በተግባር የሚደጋገመው ስህተት ሦስት መልክ አለው። አንዱ ደንበኛውን በ600,000 ብቻ ዴቢት ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙ ጊዜ «ያልተከፈለ ወለድ ገቢ አይሆንም» ይላል፤ ግን ሰኔ 30 የጻፈውን 8,800 ብር ረስቶታል። ያ ሂሳብ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከወራት በኋላ ካዝናው ውስጥ ምንም ሰነድ ሳይኖር «ተሰብሳቢ ወለድ 8,800» የሚል ቀሪ ሂሳብ ታያላችሁ። ይህ ስህተቱን ለማወቅ የሚቀለው ምልክት ነው፤ ሰነድ የሌለው ተሰብሳቢ ወለድ። ደንበኛው ሲከፍልም የሚጠየቀው 600,000 ብቻ ስለሚሆን ወለዱ ሳይታወቅ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ የወለድ ገቢን በ18,000 ክሬዲት ማድረግ። እዚህ ላይ 8,800 ብር ሁለት ጊዜ ገቢ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ በ2017፣ አንድ ጊዜ በ2018። ግብርም ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። ይህ ስህተት ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንዳንድ ሂሳብ ክፍሎች ሐምሌ 1 ላይ የሰኔ 30ውን አጻጻፍ ገልብጠው ይመዘግባሉ፤ የወለድ ገቢን በ8,800 ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ወለድን በ8,800 ክሬዲት ያደርጋሉ። እንደዚያ ከተደረገ ነሐሴ 16 ሙሉውን 18,000 የወለድ ገቢ ብሎ መጻፍ ትክክል ነው፤ ከተገለበጠው 8,800 ጋር ሲቻቻል የአዲሱ ዓመት ገቢ 9,200 ብቻ ሆኖ ይቀራልና። ሁለቱም መንገድ አንድ መልስ ይሰጣል። አደጋው የሚመጣው ሐምሌ ላይ የሠራው ሰው ሄዶ ነሐሴ ላይ ሌላ ሰው ሲቀጥል ነው፤ አንዱ አልገለበጠም፣ ሌላው ተገልብጧል ብሎ ያምናል። ሌጀሩን ገልጦ የተሰብሳቢ ወለድ ቀሪ ሂሳብ ዜሮ ነው ወይስ 8,800 ብሎ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛው ስህተት የተበሳጨ ሰው ስህተት ነው። ደንበኛው ስልክ ባላነሳ ማግስት 600,000 ብሩን የጠፋ ዕዳ ብሎ ወደ ወጪ መውሰድ። አንድ ቀን ማለፉ ገንዘቡ ጠፋ ማለት አይደለም።

ባለሱቁ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይጠይቃል። «ሰውየው እንደማይከፍል እያየሁ 9,200 ብር ገቢ አገኘሁ ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል አይደለም?» መልሱ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠይቃል። የነሐሴ 16ቱ አጻጻፍ የሚናገረው ስለ መብት ነው፤ ሻጩ በውልና በሕግ ምን ያህል መጠየቅ ይችላል የሚለውን። ምን ያህሉ ይሰበሰባል የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፣ የሚመለሰውም በሌላ ሂሳብ፣ በአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ ነው። የሐዋሳው ሱቅ ሁኔታ ታይቶ ከ618,000ው ውስጥ 150,000 ብር ላይሰበሰብ ይችላል ተብሎ ቢገመት፣ የአጠራጣሪ ዕዳ ወጪ በ150,000 ዴቢት፣ መጠባበቂያው በዚያው መጠን ክሬዲት ይደረጋል። የደንበኛው ስም ሂሳብ 618,000 እንዳለ ይቆያል፤ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የሚታየው ግን 468,000 ነው። መብቱ አልተነካም፣ ተስፋውም አልተጋነነም።

ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ከተቀበለች ወዲህ ይህ ግምት በደረጃዎቹ ውስጥ ይበልጥ ጥብቅ ሆኗል። የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የሚከታተላቸው ድርጅቶች ኪሳራ እስኪደርስ መጠበቅ አይፈቀድላቸውም፤ ገና ሰነዱን ሲቀበሉ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ መገመት አለባቸው። ዕዳው በግልጽ ከተበላሸ በኋላም ወለድ የሚሰላው ከመጠባበቂያው በተረፈው መጠን ላይ ነው። ደንበኛው ድርጅቱን ዘግቶ ከጠፋ፣ ምንም የሚገኝ ነገር እንደሌለ ከታወቀ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ወለድ ገቢ አድርጎ መከመር ትርጉም የለውም፤ ዕዳው ከመጠባበቂያው ይሰረዛል።

ግብር ሰብሳቢው በዚህ ሁሉ ላይ የራሱ አስተያየት አለው። መጠባበቂያ መያዝ ብቻውን ከግብር የሚቀነስ ወጪ አይሆንም። የጠፋ ዕዳ ተቀናሽ የሚሆነው ገንዘቡ ቀድሞ ገቢ ሆኖ ግብር ሲታሰብበት፣ ከመዝገብ ሲሰረዝ፣ ለማስመለስም አስፈላጊው እርምጃ በሕግ መወሰዱ ሲታይ ነው። ወለዱን ሳይጽፍ የቀረ ነጋዴ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ገቢ ያላደረገውን ገንዘብ ጠፋብኝ ብሎ መቀነስ አይችልም። ሙሉውን 618,000 የጻፈው ግን ክሱን ሲጀምር ቁጥሩም ማስረጃውም በእጁ ነው።

ሰነዱን ነጋዴው ለሌላ ሰው በጀርባው ፈርሞ አስተላልፎት ቢሆን ታሪኩ ይረዝም ነበር። ያኔ ያዡ ወደ ቀድሞ ፈራሚዎች ለመመለስ ሰነዱ አለመከፈሉን በሕጉ በተወሰነው ጊዜና ሥርዓት ማስመስከር አለበት፤ ለዚያ የወጣ ወጪም በዋናው ባለዕዳ ላይ ይደመራል። የእኛ ጅምላ ሻጭ ግን ሰነዱን ከካዝናው አላወጣም፤ ተጠያቂውም የፈረመው ደንበኛ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ይህ ሥርዓት እርሱን አይመለከተውም።

ከሳምንት በኋላ ደንበኛው ሌላ ሐሳብ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አሮጌውን ወረቀት መልሱልኝ፣ አዲስ የ618,000 ሰነድ ልፈርም። ሻጩ ሊስማማ ይችላል፤ የንግድ ውሳኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመክር፤ አዲሱን ሰነድ ከመመዝገብ በፊት የነሐሴ 16ቱ አጻጻፍ ይጻፍ። በቀጥታ አሮጌውን በአዲስ ከተካነው መዝገቡ ላይ የሚታየው ጤነኛ ሰነድ ብቻ ነው፤ ደንበኛው አንድ ጊዜ ቃሉን እንዳልጠበቀ የሚናገር ነገር አይኖርም። ለሚቀጥለው ዱቤ የሚወስነው ሰው የደንበኛውን ስም ሂሳብ ሲገልጥ «ሳይከፈል የቀረ ሰነድ፣ ነሐሴ 16» የሚል መስመር ማየት አለበት። መዝገብ ትዝታ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ሻጩ ቢረሳ ወይም ቢራራ እንኳ።

በእኛ ምሳሌ ደንበኛው አዲስ ሰነድ አላቀረበም። ጥቅምት 10 ቀን 200,000 ብር ብቻ ይዞ መጣ። ሂሳብ ሠራተኛዋ ባንክን በ200,000 ዴቢት፣ የደንበኛውን ሂሳብ በ200,000 ክሬዲት አደረገች፤ ቀሪው 418,000 ሆነ። ደንበኛው «ከዋናው ላይ ቀንሱልኝ» ቢልም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወለድና ወጪ ሳይከፈል ዋናውን መቀነስ አይፈቅድለትም፤ የመጀመሪያው 18,000 ለወለድ፣ የቀረው 182,000 ለዋናው ይውላል። ከነሐሴ 16 በኋላ ስላለፉት ቀናት የሚጠየቅ የመዘግየት ወለድ ካለም ለብቻው ተሰልቶ ይጻፋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች መጣኝ ባልወሰኑበት ቦታ በዓመት 9 በመቶ አድርጎታል። ደንበኛው ወረቀቱን መልሱልኝ ሲል ግን አይመለስለትም፤ ሙሉው አልተከፈለምና። መብቱ 200,000 ብር መክፈሉ በሰነዱ ላይ እንዲጻፍለትና ደረሰኝ እንዲሰጠው መጠየቅ ነው። ሁለቱም ተደረጉለት፤ ሰነዱም ለቀሪው ዕዳ ማስረጃ ሆኖ በሻጩ እጅ ቆየ።